ከሪያድ እስከ ጅማ፦ የገንዘብ መላኪያ መንገዶችን ሳያዳሉ ማነጻጸር

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ከስደት ተመላሾች ጋር የምንሠራ ወጣቶች ነን። በሳዑዲና በኤምሬትስ ላሉ እህት ወንድሞቻችን ወደ ቤተሰብ ገንዘብ የሚላክባቸውን መንገዶች በክፍያ፣ በፍጥነትና በደኅንነት የሚያነጻጽር፣ በስልክ በጣት እየተገፋ የሚታይ ባለ ስምንት ገጽ ካሩሴል እያዘጋጀን ነው። ለማንም ሳናዳላ እንዴት እንሥራው? ጥቁር ገበያውንስ እንጥቀሰው ወይስ እንለፈው?

ምላሽ፦

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አብሯችሁ መሄድ ያለበት ቁጥር አንድ ብቻ ነው፦ ላኪዋ ከኪሷ ካወጣችው ገንዘብ ጅማ ላይ ተቀባዩ እጅ የገባው ብር ስንት ነው? የአገልግሎት ክፍያው ለብቻው፣ ምንዛሪው ለብቻው ሲቀርብ እያንዳንዱ ቁጥር እውነት ሆኖ ሳለ አንባቢው ይሳሳታል። አንዱ ድርጅት ክፍያውን ዝቅ አድርጎ ትርፉን ከምንዛሪው ላይ ያነሳል፤ ሌላው ምንዛሪውን አሳምሮ ክፍያውን ከፍ ያደርጋል። ሁለቱን ደምሮ የማያሳይ ሰንጠረዥ፣ አዘጋጁ ባያስበውም፣ ትርፉን ምንዛሪው ውስጥ ለደበቀው ያዳላል። የዓለም ባንክም የሐዋላ ዋጋን በየአገሩ መከታተል ከጀመረበት ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወጪን የሚለካው ክፍያውንና የምንዛሪውን ልዩነት ደምሮ ነው፤ መነሻ የሚያደርገውም የ200 ዶላር ዝውውርን ነው። በዚያ ልኬት የዓለም አማካይ ወጪ ከ6 በመቶ በላይ ሆኖ ቆይቷል። የተባበሩት መንግሥታት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ አስቀምጧል።

የምንዛሪው ልዩነት ስንት እንደሆነ ለማወቅ መነሻ ምንዛሪ ያስፈልጋል። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ይህ ከባድ አይደለም፤ ገንዘባቸው ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3.75 ሪያል በአንድ ዶላር፣ የኤምሬትስ ድርሃም ደግሞ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3.6725 ድርሃም በአንድ ዶላር ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለዕለቱ ያወጣውን የዶላር አመላካች ዋጋ ወስዳችሁ ለ3.75 ብታካፍሉ የሪያሉን ተገቢ ዋጋ ታገኛላችሁ። ማንኛዋም ላኪ ይህን ስሌት በስልኳ ልትሠራው ትችላለችና አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት። እኔ እናንተን ብሆን ሁለተኛው ገጽ ላይ አደርገው ነበር።

አሁን አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው ናቸው፤ የዛሬ ዋጋ አይደሉም፤ የማንም ድርጅት ዋጋም አይደሉም። የዶላሩ መነሻ ዋጋ 150 ብር ነው እንበል። ለ3.75 ሲካፈል አንድ ሪያል 40 ብር ይሆናል። ሪያድ ያለች አንዲት እህት ከኪሷ በድምሩ 1,000 ሪያል ልታወጣ ተነሥታለች። ምንም ወጪ ባይኖር ጅማ የሚደርሰው 40,000 ብር ነበር።

የመጀመሪያው አማራጭ በወኪል ቤት በኩል የሚሠራ ገንዘብ አስተላላፊ ነው። ክፍያው 20 ሪያል ነው። ሳዑዲ ውስጥ በአገልግሎት ክፍያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስለሚታሰብ የምትከፍለው 23 ሪያል ይሆናል። የሚላከው 977 ሪያል ነው፤ ምንዛሪው 39.20 ከሆነ ጅማ የሚደርሰው 38,298 ብር ነው። ሁለተኛው «ያለ ክፍያ» የሚል የስልክ መተግበሪያ ነው። ክፍያ የለውም፣ ምንዛሪው ግን 38 ነው፤ ስለዚህ 38,000 ብር ይደርሳል። ሦስተኛው ከባንክ ወደ ባንክ የሚደረግ ዓለም አቀፍ ዝውውር ነው። ምንዛሪው ከሁሉም የተሻለ፣ 39.60 ነው፤ ክፍያው ግን ከነታክሱ 57.50 ሪያል ስለሆነ የሚደርሰው 37,323 ብር ነው። በዚህ መጠን ወኪል ቤቱ ይበልጣል፣ መተግበሪያው ይከተላል፣ ባንኩ መጨረሻ ነው።

መጠኑን ወደ 300 ሪያል አውርዱት። በወኪል ቤቱ 10,858 ብር፣ በመተግበሪያው 11,400 ብር፣ በባንኩ 9,603 ብር ይደርሳል። አሁን መተግበሪያው በለጠ፤ ባንኩ ደግሞ ከላኪዋ ገንዘብ አንድ አምስተኛውን በላ። ወደ 4,000 ሪያል ስታሳድጉት ወኪል ቤቱ 155,898፣ መተግበሪያው 152,000፣ ባንኩ 156,123 ብር ያደርሳሉ፤ መጨረሻ የነበረው ባንክ አንደኛ ሆነ። ዋጋቸውን አንዳቸውም አልቀየሩም፤ የተቀየረው የሚላከው መጠን ብቻ ነው። ቋሚ ክፍያ ትንሽ ገንዘብን ይጎዳል፣ የወረደ ምንዛሪ ደግሞ ብዙ ገንዘብን ይጎዳል።

ስለዚህ አንድ መጠን ብቻ ወስዶ ደረጃ የሚያወጣ ካሩሴል አሸናፊውን መጠኑን በመረጠበት ቅጽበት መርጦታል። ሦስት መጠን አሳዩ፦ ለወር ቀለብ የሚላከውን፣ ደመወዝ አጠራቅመው የሚልኩትንና ለቤት መሥሪያ ወይም ለሠርግ የሚላከውን። መጠኖቹን ራሳችሁ አትገምቱ፤ አብረዋችሁ ያሉትን ተመላሾች ብትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ ስንት ስንት ይልኩ እንደነበር በደንብ ይነግሯችኋል።

በ4,000 ሪያል ላይ የባንኩ ብልጫ 225 ብር ብቻ መሆኑንም ልብ በሉ። በያዝነው ምንዛሪ ይህ ሁለት ዶላር እንኳ አይሞላም። ከባንክ ወደ ባንክ የሚሄድ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በመካከል ባለ ሦስተኛ ባንክ በኩል ያልፋል፤ ያም ባንክ ከገንዘቡ ላይ የራሱን ሊቆርጥ ይችላል። ጥቂት ዶላር ከቆረጠ ብልጫው ጠፋ። ላኪዋ ቅጹን ስትሞላ የመካከለኛውን ባንክ ወጪ ማን እንደሚሸፍን የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ ላኪ ብቻ፣ ተቀባይ ብቻ ወይም ሁለቱም ተካፍለው። «ተካፍለው» የሚለው ከተመረጠ ጅማ የሚደርሰው ገንዘብ ሪያድ ላይ ከተነገረው ያንሳል፤ ቤተሰቡም «የጅማው ባንክ ቆረጠብን» ብሎ ይመጣል። በሐዋላ መስኮት ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት በተደጋጋሚ ካስረዳኋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ከባንክ ወደ ባንክ ስለሚላክ ገንዘብ በምትጽፉት ገጽ ላይ «የደረሰው ብር» ከሚለው ጎን «በመካከል ሊቀነስ ይችላል» የሚል ቃል ካልጨመራችሁ ቁጥሩ ሙሉ አይደለም።

ዋጋዎቹን ስትሰበስቡ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሰዓቱም ተቀራራቢ ይሁን። ሪያድ፣ ጅዳና ዱባይ ያሉ ሰዎች ተባብረዋችሁ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠይቁ፦ «ታክሱን ጨምሮ በድምሩ 1,000 ሪያል ብሰጣችሁ ጅማ ላይ ስንት ብር ይወጣል?» መልሱን በስልካቸው ስክሪን ወይም በጽሑፍ ይያዙት። አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ከሦስት ቀን በኋላ ብትጠይቁ የብሩ ዋጋ በመካከል ሊንቀሳቀስ ስለሚችል የምታነጻጽሩት ድርጅቶቹን ሳይሆን ቀኖቹን ይሆናል። ምንዛሪው የተቆረጠው በተላከበት ጊዜ ነው ወይስ ገንዘቡ በሚወጣበት ጊዜ የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ዝውውር ሲላክ በብር ይቆረጣል፤ አንዳንዱ በዶላር መጥቶ ጅማ ላይ በከፋዩ ባንክ የዕለቱ የመግዣ ዋጋ ይመነዘራል። ሁለተኛው ዓይነት ሲሆን ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ከአንድ አገር የተላከላቸውን እኩል ዶላር ከተለያዩ ባንኮች አውጥተው የተለያየ ብር ሊይዙ ይችላሉ። ማንም አላታለላቸውም።

ከስሌቱ ውጭ መቅረት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የመጀመሪያ ዝውውር ቅናሽ ነው። አዲስ ደንበኛ ለመሳብ የሚሰጥ ስለሆነ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ የለም፤ መግለጽ ከፈለጋችሁ ለብቻው ይገለጽ። ሁለተኛው በበዓል ሰሞን ባንኮች ለሐዋላ ተቀባዮች የሚያወጡት የዕጣ ሽልማት ነው። ለመቶ ሺህ ሰው ከሚወጣ መኪና ለእያንዳንዱ ተቀባይ የሚደርሰው ዋጋ ኢምንት ነው፤ ከምንዛሪው ጎን ቢቀመጥ ግን ዓይን የሚስበው እሱ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ «በደቂቃዎች ውስጥ» የሚለው አባባል ውሸት ባይሆንም ግማሽ ነው። የዝውውሩ መረጃ በእርግጥ በደቂቃዎች ይደርሳል። እናንተ ግን የምትለኩት ላኪዋ ሪያሉን ከሰጠችበት ሰዓት አንሥቶ ብሩ እጅ እስኪገባ ያለውን ጊዜ ነው፤ በዚህ መካከል ደግሞ የሁለት ወይም የሦስት አገር የሥራ ቀን አለ። ሳዑዲ ዓርብና ቅዳሜ ታርፋለች። ዶላሩ የሚያልፍበት የአሜሪካ ባንክ ቅዳሜና እሁድ ይዘጋል። የእኛ ባንኮች እሁድ ዝግ ናቸው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሪያድ ካለ ባንክ የተላከ የባንክ ለባንክ ዝውውር ከሰኞ በፊት ይደርሳል ብሎ መጠበቅ የማይቻለው ለዚህ ነው። ኤምሬትስ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕረፍቷን ወደ ቅዳሜና እሁድ አዙራ ዓርብን ግማሽ ቀን ስላደረገች ከዱባይ የሚላከው ሌላ መልክ አለው። በወኪል ቤት ተልኮ በጥሬ ገንዘብ የሚወጣው ይህ ችግር የለበትም፤ እሱ የሚጠብቀው የጅማው ቅርንጫፍ መከፈቱንና ሲስተሙ መሥራቱን ብቻ ነው።

የገጠሩ ቤተሰብ ጉዳይ ደግሞ አለ። ተቀባይዋ ጌራ ወይም ሊሙ ሰቃ ውስጥ ከሆነች በጥሬ ገንዘብ የተላከውን ለመውሰድ አጋሮ ወይም ጅማ ድረስ ልትመጣ ትችላለች። የመጓጓዣው ሒሳብና የባከነው ቀን ወጪ ነው፤ ከ300 ሪያል ዝውውር ላይ ሲታሰብም ቀላል አይደለም። ወደ ባንክ ሒሳብ ወይም ወደ ቴሌብር የሚገባ ገንዘብ ይህን ጉዞ ሊያስቀር ይችላል፤ ነገር ግን በአካባቢዋ ብሩን የሚያወጣላት ወኪል በቂ ጥሬ ገንዘብ ከሌለው ጉዞው አይቀርም። በሞባይል ገንዘብ ላይ የሚያዘው መጠንም ጣሪያ አለው። በዚህ ገጽ ላይ የሰዓት ቁጥር ስታስገቡ የማንን አቆጣጠር እንደምትጠቀሙ በግልጽ ጻፉ። የሳዑዲ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ቢሆንም እኛ «እስከ 10 ሰዓት» ስንል ላኪዋ ስልኳ ላይ የምታየው 4 ነው። «እስከ ቀኑ 10 ሰዓት፣ በስልክ ሰዓት 4፡00» ብሎ ሁለቱንም ማስቀመጥ ብዙ ከንቱ ምልልስ ያስቀራል።

ደኅንነት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሌብነትን ነው። ጅማ ላይ ገንዘብ ሲታገድ በብዛት የማየው ምክንያት ግን የስም አጻጻፍ ነው። የቀበሌ መታወቂያችን ስም በቁቤ ይጻፋል፤ ላኪዋ ደግሞ ሪያድ ላይ ስሙን ለወኪሉ የምትነግረው እንደመሰላት ነው። መታወቂያው ላይ `Caaltuu` ተብሎ የተጻፈው ስም ደረሰኙ ላይ `Chaltu` ሆኖ ይመጣል። አማርኛና ኦሮምኛ ለሚያነብ ሰው አንድ ስም ናቸው፤ ለሲስተሙ ግን ሁለት ናቸው። በጅማ በብዛት የሚገኙት በ«አባ» የሚጀምሩ የአባትና የአያት ስሞች ደግሞ ይብሳሉ፦ መታወቂያው `Abbaa Fiixaa` በሁለት ቃል ሲል ደረሰኙ `Abafita` በአንድ ቃል ይላል። ገንዘብ ከፋዩ ቀና ሰው ቢሆንም ስሙ ካልተመሳሰለ መክፈል አይችልም፤ ያለ ማረጋገጫ ቢከፍል ተጠያቂው እሱ ነው።

ስሙን ተቀባይዋ ልታስተካክለው እንደማትችል በካሩሴሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። የማስተካከል መብት ያለው ላኪው ነው፤ ወደ ላከበት ቤት ተመልሶ ወይም በመተግበሪያው በኩል ማስለወጥ አለበት። በሳምንት አንዴ እንኳ ከቤት መውጣት ለማይፈቀድላት የቤት ሠራተኛ ይህ ማለት ገንዘቡ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቆማል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ተቀባይዋ የምትይዘውን መታወቂያ አስቀድማ ፎቶ አንሥታ ትላክላት፣ ላኪዋም ከዚያ ላይ ፊደል በፊደል፣ እስከ አያት ስም ድረስ ትገልብጥ። ፋይዳ ያወጣ ተቀባይ ካለ ስሙ በላቲን ፊደልም ስለሚጻፍ እሱን መጠቀም ይሻላል። ወደ ባንክ ሒሳብ ሲላክ ደግሞ ከስሙ በላይ አደገኛው የሒሳብ ቁጥሩ ነው። አንድ አኃዝ ተሳስቶ የሌላ ሰው ሒሳብ ውስጥ የገባ ገንዘብ የሚመለሰው ሰውየው ሲስማማ ወይም ረጅም ሂደት ታልፎ ነው። ስለዚህ ወደ አዲስ ሒሳብ መጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ ልኮ መድረሱን ማረጋገጥ ይገባል፤ ሁለት ጊዜ ክፍያ ቢጠይቅም ያዋጣል።

ስለ ምስጢር ቁጥሩ አንድ ነገር ልጨምር። ጥሬ ገንዘብ የሚወጣበት ዝውውር ሁሉ መለያ ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ የዌስተርን ዩኒየን ባለ 10 አኃዝ ነው። ላኪዋ ደረሰኙን ፎቶ አንሥታ በኢሞ ለወንድሟ ትልካለች፣ ወንድሟ ለእናቱ እንዲያነብላት ለጎረቤት ልጅ ያስተላልፈዋል፤ ቁጥሩ ሙሉ ስምና የገንዘቡ መጠን ካለበት ወረቀት ጋር ሦስት አራት ስልክ ላይ ይቀራል። አስመስሎ የተሠራ መታወቂያ ለያዘ ሰው ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ነገር የለም። ቁጥሩን በድምፅ ለተቀባይዋ ብቻ መንገር ይበቃል፤ ደረሰኙ ላኪዋ ጋር ይቆይ። ገንዘቡ ሳይወጣ ቢዘገይ አቤቱታ የምታቀርበው በዚያ ደረሰኝ ስለሆነ ገንዘቡ መድረሱ እስኪረጋገጥ ድረስ መጣል የለበትም።

ወደ ጥቁር ገበያው ልምጣ። ጥቀሱት። የማትጠቅሱት ከሆነ አንባቢያችሁ «እነዚህ የባንክ ሰዎች ናቸው» ብሎ ካሩሴሉን ይዘጋዋል፤ ምክንያቱም በሰፈሩ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማዳላት ማለት በሁለቱም አቅጣጫ ነው፤ አስፈሪ ሥዕል አድርጎ ማቅረብም ማዳላት ነው። እውነቱን በተርታ ቋንቋ አስቀምጡ። በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ብር ከባንኩ ይበልጣል፣ ፈጣን ነው፣ ላኪዋን ሰነድ አይጠይቅም። ሕገ ወጥ ነው፤ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሌለው ሰው የውጭ ምንዛሪ መገበያየት አይችልም። ደረሰኝ የለውም፣ ሲጠፋም የሚከሰስበት ቦታ የለም።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትገልጹ አንባቢው ያከብራችኋል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ባንኮች ዶላሩን በ57 ብር አካባቢ ሲገዙ በጎንዮሽ ገበያው ከ100 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የባንኮች ዋጋ በአንድ ጊዜ ወደ 75 ብር ተጠጋ፣ ከዚያም ማደጉን ቀጠለ። ክፍተቱ እንደ ድሮው ባይሆንም አልጠፋም፤ ይሰፋል፣ ይጠብባል። በዚህ ገጽ ላይ ግን የጥቁር ገበያውን ዋጋ በቁጥር አትጻፉ። ምክንያቴ ፍርሃት አይደለም። የባንኩ ዋጋ የተለጠፈ ስለሆነ ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል፤ የደላላው ዋጋ ግን እንደ ሰዉና እንደ መጠኑ የሚለያይ፣ ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ነው። የተረጋገጠውንና ያልተረጋገጠውን ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ንጽጽር አይሆንም፤ ገጻችሁም የደላላ ማስታወቂያ ይመስላል።

ይልቁንስ ገንዘቡ እንዴት እንደሚሄድ አሳዩ፤ አደጋው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ላኪዋ ሪያሉን ሪያድ ላለ ሰው ትሰጣለች። ያ ሪያል ኢትዮጵያ አይገባም። የሰውየው ሸሪክ እዚህ አገር ካለው ብር ላይ ለቤተሰቧ ያስገባል፤ ሪያሉ ደግሞ እዚያው ለዕቃ መግዣ ወይም ለሌላ ጉዳይ ይውላል። እንግዲህ እናቷ ሒሳብ ውስጥ የሚገባው ብር የማን ነው? ምናልባት የነጋዴ ይሆናል፣ ምናልባት የተጭበረበረ ሰው ገንዘብ ይሆናል፤ እናትየዋ የምታውቅበት መንገድ የላትም። ምልክቱ ሒሳቧ ላይ ይታያል፦ አስገቢው የማታውቀው ሰው ነው፤ በየወሩ ስሙ ይቀያየራል፤ አንዳንዴ አንዱ ዝውውር ከሁለት ሦስት ሰው ተከፋፍሎ ይገባል። ከአስገቢዎቹ አንዱ በወንጀል ከተመረመረ ምርመራው ገንዘቡን ተከትሎ እስከ እሷ ሒሳብ ይመጣል፤ ሒሳቧም ሊታገድ ይችላል። «ይህን ብር ያስገባልሽ ማን ነው? ከምን የመጣ ነው?» ስትባል «ልጄ ላከችልኝ» ከማለት በስተቀር የምታሳየው ወረቀት የላትም፤ የአስገቢው ስም ደግሞ የልጇ ስም አይደለም። ይህን ሁሉ በአምስት አጭር መስመር መጻፍ ይቻላል። ጻፉትና ለአንባቢው ተዉለት።

በዚሁ ገጽ ወይም በሚቀጥለው መነሣት ያለበት፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። የመኖሪያ ፈቃድ የሆነው ኢቃማ የሌላት ወይም ያለፈባት እህት በሕጋዊ ወኪል ቤት ገንዘብ መላክ አትችልም። የሕጋዊውን መንገድ ጥቅም በዝርዝር እየጻፉ ይህን አለመጻፍ በሩ ለሁሉም ክፍት እንደሆነ ማስመሰል ነው። በተግባር ብዙዎቹ የሚያውቁትን ሰው ኢቃማ ተጠቅመው ይልካሉ። ውጤቱን በግልጽ አስቀምጡ፦ በመዝገብ ላይ ላኪው ባለ ኢቃማው ነው፤ ስም ማስተካከልም ሆነ ገንዘብ ማስመለስ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ ጅማ ያለችው ተቀባይም መስኮት ላይ የላኪውን ስም ስትጠየቅ የእህቷን ሳይሆን የእሱን መናገር አለባት። በአንድ ኢቃማ የብዙ ሰው ገንዘብ ሲላክ ከባለቤቱ ደመወዝ በላይ ስለሚሆን እዚያ ጥያቄ ያስነሣበታል። እንዲህ አድርጉ ወይም አታድርጉ አትበሉ። ከሥሩ «እናንተስ በየት ትልካላችሁ?» ብላችሁ አስተያየትም አትጠይቁ፤ ሰዎች በራሳቸው ላይ ማስረጃ በአደባባይ እንዲጽፉ መጋበዝ ነው።

ስለ አቀራረቡ ጥቂት ልበል። ካሩሴል ላይ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ገጽ ሳያልፍ ያቆማል። ስለዚህ የመንገዶቹ ቅደም ተከተል ራሱ ውሳኔ ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አንድም መንገድ በተናጠል አይቅረብ፤ ስሌቱና ሦስቱ መጠኖች ይቅደሙ፤ መንገዶቹ ከዚያ በኋላ በፊደል ተራ ይምጡ፤ ተራውም በፊደል እንደሆነ ይገለጽ። አረንጓዴና ቀይ ቀለም፣ ኮከብ፣ «ምርጥ»፣ «ርካሽ» የሚሉ ቃላት ይቅሩ። የድርጅት አርማ አታስገቡ፤ ስም ካስፈለገ ለሁሉም እኩል በሆነ ፊደል ይጻፍ። ከድርጅቶቹ አንዱ ለዝግጅቱ ገንዘብ ወይም በግብዣ ኮድ ኮሚሽን የሚሰጣችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ። የእኔን ምክር ከጠየቃችሁ ግን አትቀበሉ፤ አንዴ ከተቀበላችሁ በኋላ ስሌታችሁ ትክክል ቢሆንም የሚያምነው የለም።

ገጾቹ አብረው እንደማይጓዙም አስቡ። አንድ ሰው የሚመቸውን አንድ ገጽ ቆርጦ በቴሌግራም ወይም በኢሞ ይልካል፤ ከወራት በኋላም እየዞረ ይገኛል። ስለዚህ ቁጥር ያለበት እያንዳንዱ ገጽ የራሱን ቀን፣ የተላከውን መጠን፣ የመላኪያውን ከተማና «ከክፍያና ከምንዛሪ በኋላ» የሚለውን ቃል ይያዝ። በአማርኛ ያዘጋጃችሁትን በአፋን ኦሮሞም አውጡ፤ ገንዘቡን የሚቀበሉት ብዙዎቹ ቤተሰቦች የሚያነቡት በእሱ ነው። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ቀን የተወሰዱ ቁጥሮች ይኑሯቸው።

ቁጥሮቹን በየሁለት ሳምንቱ የምታድሱበት ጉልበት ከሌላችሁ የድርጅቶችን ዋጋ ጨርሶ አታስገቡ። በምትኩ የዶላሩን ዋጋ ለ3.75 ወይም ለ3.6725 የማካፈሉን ስሌት፣ ከላይ የሠራነውን ዓይነት በምሳሌ ቁጥር የተሠራ ንጽጽር፣ እና ላኪዋ ገንዘቡን ከመስጠቷ በፊት ለወኪሉ የምታቀርባቸውን ሦስት ጥያቄዎች አስቀምጡ፦ ታክሱን ጨምሮ ይህን ያህል ብሰጥህ ጅማ ላይ ስንት ብር ይወጣል? ምንዛሪው አሁን ተቆርጧል ወይስ ሲወጣ ይቆረጣል? ስሙ ቢሳሳት የት፣ በስንት ክፍያ ይስተካከላል?